በዴድ ዌይት ቴስተር የተለካ የ100 ባር ጌጅ በየነጥቡ 0.3 በመቶ ዝቅ ብሎ ያነባል፦ ጌጁን ላስተካክል ወይስ የአካባቢ ስበትና የአየር ቡያንሲ እርማት ልሥራ?

ሙሉ_ልኬት

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ ፋብሪካ የመለኪያ መሣሪያዎች ክፍል ውስጥ ነው። በዘይት የሚሠራ፣ ፒስተን ላይ ክብደት በመጫን የታወቀ ግፊት የሚፈጥር ዴድ ዌይት ቴስተር አለን፤ ክብደቶቹ ላይ የተጻፈው ኪሎግራም ሳይሆን በቀጥታ ባር ነው። ሰሞኑን ከ0 እስከ 100 ባር የሚያነብ፣ ክላሱ 0.25 የሆነ የመሞከሪያ ጌጅ ስለካበት በ20 ባር 19.95፣ በ40 ባር 39.90፣ በ60 ባር 59.80፣ በ80 ባር 79.75፣ በ100 ባር ደግሞ 99.70 አነበበ። ግፊት ሳይኖረው መርፌው ልክ ዜሮ ላይ ያርፋል። ቴስተሩን በውሃ ልኩ አስተካክያለሁ፣ ፒስተኑ እየተሽከረከረ በነፃነት ሲንሳፈፍ ነው ያነበብኩት፣ ጌጁንም በጣቴ መታ መታ አድርጌዋለሁ። ወደ ላይ ስወጣም ሆነ ወደ ታች ስወርድ ውጤቱ የሚቀያየረው ከግማሽ ክፍል በታች ነው።

በክላሱ መሠረት የሚፈቀደው ስህተት ከሙሉ ልኬቱ 0.25 በመቶ፣ ማለትም 0.25 ባር ስለሆነ በ100 ባር ላይ ጌጁ ወድቋል ማለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ መርፌውን እንዳስተካክለው አዘውኛል። ከመንካቴ በፊት ግን ልጠይቅ ብዬ ነው፤ ጌጁ ገና አዲስ ነው፤ የአምራቹ ሰርተፊኬትም በሁሉም ነጥብ ደህና እንደነበረ ይናገራል።

የቦይለሩ_ሰው

ወንድሜ፣ ይህ የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ የከባቢ አየር ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ሲሆን በባህር ወለል ላይ 1.01 ባር ነው። ልዩነቱ 0.24 ባር ስለሆነ ያንን በየንባቡ ላይ ብትደምረው ይስተካከላል። እኛም ቦይለር ላይ ግሊሰሪን የተሞላ ጌጅ ስንገጥም መርፌው ከዜሮ በታች ተቀምጦ አግኝተነዋል፤ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ሥነልክ_አዲስ

የቦይለሩ ሰው የጠቀሱት ጉዳይ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀው ሌላ ነው። ግሊሰሪን የተሞላ ጌጅ ሣጥኑ ታሽጎ ከቆላ ወይም ከባህር ዳርቻ ከመጣ በውስጡ የታሰረው አየር ከውጪው አየር የበለጠ ግፊት ስለሚኖረው ቱቦውን ከውጭ ይጫነዋል፤ ስለዚህ መርፌው ከዜሮ በታች ይወርዳል። መፍትሔውም ላዩ ላይ ያለችውን የጎማ መተንፈሻ መክፈት ነው፤ እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ስህተት ግን በዜሮም፣ በ20ም፣ በ100 ባርም እኩል ነው የሚታየው። የጠያቂው ጌጅ ዜሮ ላይ ደህና ነው፤ በ20 ባር 0.05፣ በ100 ባር 0.30 ይጎድለዋል። ጉድለቱ ከግፊቱ ጋር አብሮ እያደገ ስለሆነ የምንፈልገው ምክንያት የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነገር ነው። የከባቢ አየር ግፊትማ በቴስተሩም በጌጁም ላይ እኩል ስለሚያርፍ በጌጅ ግፊት ልኬት ውስጥ ይጠፋፋል።

ለጠያቂው፦ መርፌውን ገና እንዳይነኩት። ክብደቶቹ ላይ ወይም በሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈ የስበት ዋጋ አለ? በትናንሽ ፊደል ከባሩ ቁጥር ሥር ሊቀረጽ ይችላል።

ሙሉ_ልኬት

አመሰግናለሁ። አሁን በማጉያ መነጽር አየሁት፤ በእያንዳንዱ ክብደት ጠርዝ ላይ g = 9.80665 m/s² የሚል ተቀርጿል። ሰርተፊኬቱም ላይ ይኸው ቁጥር አለ፤ የፒስተኑ ስፋት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሰጠቱንና ትክክለኛነቱ ከንባቡ 0.015 በመቶ መሆኑንም ይገልጻል። ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ ማንም ሲጠቀምበት አላየሁም።

ሥነልክ_አዲስ

እንግዲያውስ ነገሩ ግልጽ እየሆነ ነው። 9.80665 እ.ኤ.አ. በ1901 በሦስተኛው ጠቅላላ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ መደበኛ ተብሎ የተወሰነ ዋጋ እንጂ የእርስዎ ክፍል ስበት አይደለም። ቴስተሩ ግፊት የሚፈጥረው በክብደቱ ኃይል ነው፤ ኃይሉ ደግሞ የግዝፈቱና ክፍሉ ውስጥ ያለው ስበት ብዜት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቀች፣ በዚያ ላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ሁለቱም ምክንያቶች ስበቷን ይቀንሱታል።

ግምቱን እንዲህ እንሥራው። በኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ፣ በባህር ወለል ቢሆን፣ የተለመደው የኬክሮስ ቀመር 9.7816 ይሰጣል። ከፍታው በሜትር 0.000003086 ይቀንሳል፤ ለ2,355 ሜትር 0.0073 ይሆናል። ስለዚህ 9.7743 አካባቢ እናገኛለን። ይህን ለ9.80665 ብናካፍለው 0.99670 ነው፤ ማለትም ስያሜው 100 ባር የሆነው የክብደት ቁልል በእናንተ ክፍል ውስጥ የሚፈጥረው 99.67 ባር ብቻ ነው። ጌጁ 99.70 ማንበቡ ስህተት ሳይሆን ታማኝነት ነው። ኃላፊዎ እንዳሉት ቢያስተካክሉት ኖሮ ደህና የነበረውን ጌጅ 0.33 በመቶ ከፍ ብሎ እንዲያነብ ያደርጉት ነበር፤ ያም ከክላሱ ወሰን ውጪ ነው።

ቴስተሩ 0.015 በመቶ ትክክለኛ መሆኑን ሰርተፊኬቱ ይናገራል፤ የስበቱ ልዩነት ግን የዚያ 22 እጥፍ ነው። ክላሱ 1.6 የሆነ ተራ ጌጅ ሲለካበት ይህ ሳይታይ ያልፋል፤ ለዚህም ይመስለኛል በብዙ ወርክሾፕ ማንም ሳያነሳው የሚኖረው።

ሄኖክ_ኬሚካል

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። የክብደቶቹ ግዝፈት በኪሎግራም ተመዝኖ ሰርተፊኬት ተሰጥቶታል፤ ግዝፈት ደግሞ ጀርመንም ሆነ አዲስ አበባ አይለወጥም። የተመዘነን ነገር እንደገና በስበት ማረም ሁለት ጊዜ ማረም አይሆንም ወይ? በእኛ ድርጅት ያለው ቴስተር እርማት የለውም፣ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸርም ልክ ነው።

ረድኤት_ላብ

ግዝፈቱ አለመለወጡ ትክክል ነው፤ ክብደቱ ላይ የተቀረጸው ግን ግዝፈት ሳይሆን ባር ነው። ባር ለመባል አምራቹ አንድ የስበት ዋጋ ይዞ ማባዛት ነበረበት፤ የያዘውንም ራሱ ጠርዙ ላይ ጽፎታል። ስለዚህ እርማቱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አምራቹ ከገመተው ስበት ወደ እኛ ክፍል ስበት ለመሸጋገር ነው።

የእናንተ መሣሪያ እርማት የማያስፈልገው ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሲታዘዝ የቦታው ስበት ከተነገራቸው አንዳንድ አምራቾች ክብደቶቹን ለዚያ ስበት ቆርጠው ይልካሉ። እባክዎን ጠርዙን ይመልከቱት፤ 9.77 ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥር ከተጻፈበት ነገሩ ያ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ግን ችግሩ ይመጣል።

ለሙሉ ልኬት ቀላል የማረጋገጫ መንገድ ልጠቁም። በሰርተፊኬት የታወቀ ዲጂታል የግፊት ካሊብሬተር ካላችሁ ከቴስተሩ ጋር አያይዙት። ውስጡ ያለው ሴንሰር በክብደት ስለማይሠራ ስበት አይነካውም። እኛ ዘንድ እንዲህ ባደረግንበት ጊዜ ልዩነቱ በየነጥቡ በተመሳሳይ መቶኛ ነው የወጣው፤ የስበት አሻራ ይህ ነው።

ሄኖክ_ኬሚካል

ጠርዙን አይቼ መጣሁ፤ 9.775 ይላል። ስለዚህ እህቴ እንዳሉት ለአዲስ አበባ ተብሎ የተቆረጠ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስለ አየር ቡያንሲ የማነሳው አለ። አየሩ ክብደቱን ወደ ላይ የሚያነሳበት ኃይል የአየሩ እፍጋት ለብረቱ እፍጋት ሲካፈል ነው፤ 1.2 ለ8,000 ስናካፍል 0.015 በመቶ ይመጣል። ይህንን ከ99.67 ላይ መቀነስ ያስፈልጋል፤ 99.655 ይሆናል።

ሥነልክ_አዲስ

አቶ ሄኖክ ግማሹን ይዘውታል። መጀመሪያ ነገር 1.2 ኪሎግራም በሜትር ኩብ የባህር ወለል አየር ነው። በአዲስ አበባ ግፊቱ 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ስለሆነ በ20 ዲግሪ የአየሩ እፍጋት 0.91 ገደማ ነው፤ የማንሳት ኃይሉም 0.0114 በመቶ ይሆናል። ሁለተኛውና ዋናው ነገር ደግሞ፣ ክብደቶቹ በባር የተሰየሙ ከሆነ አምራቹ በስሌቱ ውስጥ የ1.2 አየርን የማንሳት ኃይል አስቀድሞ አስገብቶታል ተብሎ ነው የሚወሰደው። እንደዚያ ከሆነ እኛ የምናርመው ልዩነቱን ብቻ ነው፤ አቅጣጫውም ወደ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ቀጭን አየር አምራቹ ካሰበው ያነሰ ስለሚያነሳ ክብደቱ ትንሽ ጠንከር ብሎ ይጫናል። ቀመሩ ይኸው፤ Pn ክብደቱ ላይ የተጻፈው ግፊት፣ gL የክፍሉ ስበት፣ ρa የአየሩ እፍጋት፣ ρm የብረቱ እፍጋት ነው፦

```
P = Pn × (gL / 9.80665) × (1 − ρa/ρm) / (1 − 1.2/ρm)
gL = 9.7743   ρa = 0.91   ρm = 8000
P/Pn = 0.99670 × 1.000036 = 0.99674
```

በ100 ባር ላይ ይህ የሚጨምረው 0.0036 ባር ነው። በአቶ ሄኖክ መንገድ ቢሠራ ግን ውጤቱ ከትክክለኛው 0.019 በመቶ ዝቅ ይላል፤ ይህም ከቴስተሩ ትክክለኛነት ይበልጣል።

በሌላ በኩል ክብደቶቹ በኪሎግራም ብቻ ተሰይመው ግፊቱን ራሳችን ከግዝፈትና ከፒስተን ስፋት የምናሰላ ከሆነ ሙሉውን የማንሳት ኃይል መቀነስ አለብን፤ ያኔ አቶ ሄኖክ ልክ ይሆናሉ፣ ከ1.2 በስተቀር። ስለዚህ ከቀመሩ በፊት ሰርተፊኬቱን ማንበብ ያሻል።

አቡዳቢ_ቴክኒሺያን

ከዚህ ከባህረ ሰላጤው አንድ ነገር ላክልባችሁ። እኛ በባህር ወለል ላይ ስለሆንን ቡያንሲው ላይ እምብዛም ጣጣ የለብንም፤ የስበት እርማት ግን አለብን። በ24 እና በ25 ዲግሪ ኬክሮስ ስበቱ 9.789 አካባቢ ነው፤ ከመደበኛው በ0.18 በመቶ ገደማ ያንሳል። የኤክሴል ቅጽ ላይ ይህ ቁጥር በአንድ ሴል ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ቅጽ ይዞ አገር ቤት ሄዶ ሲሠራበት ነበር፤ ስበቱን ሳይቀይር ስለተጠቀመበት ውጤቶቹ በሙሉ በ0.15 በመቶ ከፍ ብለው ተመዘገቡ። እርማት ተሠርቷል ስለሚባል ማንም አይጠረጥርም፤ ጨርሶ ካለማረም ይልቅ ይህ ለመለየት ይከብዳል።

ሌላው የእኛ ችግር ሙቀት ነው። ሥራው ከላቦራቶሪ ውጪ ሲሆን ፒስተኑ 40 ዲግሪ ይደርሳል። የብረት ፒስተንና ሲሊንደር ስፋት በዲግሪ 0.0023 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ በ20 ዲግሪ ልዩነት 0.046 በመቶ ግፊት ይጠፋል። ስለ ቡያንሲ ስትከራከሩ ቴርሞሜትር ፒስተኑ አጠገብ መኖሩን እርግጠኛ ሁኑ፤ 2 ዲግሪ ብቻ መሳሳት ከዚያ 0.0036 ባር ይበልጣል።

ሙሉ_ልኬት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስሌቱን በ0.99674 አባዝቼ ሠራሁት፤ ክፍሉ 21 ዲግሪ ስለሆነ ሙቀቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

```
ስያሜ     ትክክለኛ    ንባብ     ስህተት
 20      19.935    19.95    +0.015
 40      39.870    39.90    +0.030
 60      59.804    59.80    −0.004
 80      79.739    79.75    +0.011
100      99.674    99.70    +0.026
```

ከሁሉም የሚበልጠው ስህተት 0.03 ባር ነው፤ የሚፈቀደው ደግሞ 0.25። ጌጁ አልፏል። ለኃላፊዬም ይህንን ሰንጠረዥ አሳይቻቸው መርፌው ሳይነካ ቀርቷል። የቀረኝ ጥያቄ 9.7743 የሚለው ምን ያህል የሚታመን ነው የሚለው ነው፤ እኛ ያለነው ወደ አቃቂ ቃሊቲ በኩል ስለሆነ ከከተማው መሃል ዝቅ ብለን ነው።

ረድኤት_ላብ

ከስበቱ በፊት አንድ የጎደለ ነገር ልጨምር። የጌጁ መሃል ከፒስተኑ የማጣቀሻ መስመር ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል? በመካከሉ ያለው የዘይት ዓምድ ራሱ ግፊት አለው። ጌጁ 12 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ከተገጠመ፣ ዘይቱ 860 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ቢሆን፣ ጌጁ ላይ የሚደርሰው 0.010 ባር ያነሰ ነው። ይህ ከስበቱ በተለየ በየነጥቡ እኩል የሚቀነስ ነው። ለእናንተ የ100 ባር ጌጅ ብዙም አይደለም። ክላሱ 0.25 የሆነ የ2.5 ባር ጌጅ ቢሆን ግን የሚፈቀደው ጠቅላላ ስህተት 0.00625 ባር ስለሆነ ይህ የቁመት ጉዳይ ብቻውን ጌጁን ሊጥለው ይችላል። ቡያንሲውን እስከ አራተኛ አሃዝ አስልቶ ቁመቱን ያልለካ ሰው ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል።

ሙሉ_ልኬት

ለካሁት፤ 12 ሳይሆን 9 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ በየነጥቡ 0.008 ባር ቀነስኩ፤ ትልቁ ስህተት 0.038 ሆነ። ውሳኔው አልተለወጠም።

ሥነልክ_አዲስ

ስለ ስበቱ ጥያቄ፦ ቀመሩ ምድርን እንደ ለስላሳ አካል ስለሚያያት ከሥር ያለውን የድንጋይ ሁኔታ አያውቅም። ተራራማ በሆነ አገር፣ በተለይም ከስምጥ ሸለቆ ዳር፣ በቀመር የተገኘውና እውነተኛው ስበት ከ0.005 እስከ 0.01 በመቶ ሊለያዩ ይችላሉ ብዬ ነው የምይዘው። ለእርስዎ ጌጅ ይህ ምንም አይደለም። ቴስተሩን በሙሉ ትክክለኛነቱ ለትራንስሚተር ካሊብሬሽን ልጠቀምበት ካሉ ግን አይበቃም፤ የተለካ ዋጋ ያስፈልጋል። የጀርመኑ ብሔራዊ የመለኪያ ተቋም ፒቲቢ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ ሲሰጡት ስበትን ከነጥርጣሬ ወሰኑ የሚያወጣ የድረ ገጽ አገልግሎት ነበረው፤ ከቀመሩ የተሻለ ነው። ከዚያ የሚበልጠው በግራቪሜትር የተለካ ነጥብ ነው።

በከተማው ውስጥ የ300 ሜትር የከፍታ ልዩነት ስበቱን 0.006 በመቶ ገደማ ይቀይረዋል፤ እዚህ ላይ በነፃ አየር ያለውን ቅናሽ ብቻ ሳይሆን በመካከሉ ያለው ድንጋይ የሚመልሰውንም አስገብቼ ነው። ስለዚህ አቃቂና የከተማው መሃል አንድ ዓይነት ቁጥር ቢጠቀሙ ለጌጅ አይጎዳም።

ሄኖክ_ኬሚካል

እንግዲያውስ የእኔን ጉዳይ ልጠይቅ። ለ9.775 የተቆረጠውን ቴስተራችንን ለጥገና ሥራ ድሬዳዋ ይዘነው እንሄዳለን። እዚያ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። መጨነቅ አለብኝ?

ሥነልክ_አዲስ

በዚያው ቀመር ድሬዳዋ 9.778 አካባቢ ይሆናል። ከ9.775 ጋር ሲነጻጸር 0.03 በመቶ ከፍ ይላል፤ ማለትም ቁልሉ 100 ባር ሲል 100.03 ይፈጥራል። ለክላስ 0.6 ጌጅ ይተዉት፤ ለ0.1 ጌጅ ያርሙት። በእርስዎ መሣሪያ ላይ ግን የሚካፈለው 9.80665 ሳይሆን ጠርዙ ላይ ያለው 9.775 መሆኑን አይርሱ። ከዚያ ይልቅ የድሬዳዋ ሙቀት የሚያሳስብዎ ይመስለኛል፤ የአቡ ዳቢው ወንድማችን የጻፉትን ያንብቡት።

የቦይለሩ_ሰው

የኔን ሐሳብ ስላረማችሁት አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጠያቂው ከዚህ በፊት ሳያርም ያስተካከላቸው ወይም የጣላቸው ጌጆችስ ምን ይሁኑ?

ረድኤት_ላብ

በእኔ አመለካከት ክላሳቸው 0.6 እና ከዚያ በታች የሆኑት ጌጆች ሁሉ መዝገባቸው ወጥቶ በ0.99674 እንደገና ሊሰላ ይገባል። የተመዘገበው ንባብ ካለ ጌጁን እንደገና መለካት አያስፈልግም፤ መርፌው የተነካ ከሆነ ግን ያስፈልጋል።

ሥነልክ_አዲስ

በዚህ ላይ ከእህቴ ትንሽ እለያለሁ። ክላስ 1 ጌጅም ቢሆን ቀድሞ 0.8 በመቶ ከፍ ብሎ ያነብ የነበረና አልፏል የተባለ ከሆነ አሁን 1.1 በመቶ ይሆንና ይወድቃል። ለወሰኑ የቀረቡትን ሁሉ ማየት ይሻላል እላለሁ፣ ክላሳቸው ምንም ይሁን።

ረድኤት_ላብ

የመዝገቡ ብዛት ከፈቀደ አልቃወምም። በሥራ ላይ ላሉት የደህንነት ቫልቮች መሞከሪያ ጌጆች ግን ቅድሚያ ይሰጣቸው።

ሙሉ_ልኬት

መዝገቡን ከዛሬ ጀምሮ ላወጣ ነው። ሰርተፊኬቱን ደግሜ አነበብኩት፤ ክብደቶቹ በባር ሲሰየሙ የአየሩ እፍጋት 1.2 ተብሎ መወሰዱን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር የለበትም። ለአምራቹ በኢሜይል ጠይቄአለሁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ በቅጻችን ላይ የስበቱን ዋጋ፣ የአየሩን እፍጋትና የጌጁን ቁመት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በሚታይ ሴል ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ የ0.0036 ባሩም እርማት ከጎኑ «ያልተረጋገጠ» የሚል ማስታወሻ ይዟል።